ከእፎይታ ጊዜው በኋላ ወርሃዊ ክፍያው 47,580 ብር አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አምራቾች የማሽን ብድር ያወጣችሁትን ዘገባ እኛ ሼድ ውስጥ የምንሠራ ሰዎች እየተቀባበልን አነበብነው። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የማነሳው አንድ ቁጥር ነው። 2 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ በ5 ዓመት ለሚመለስ ብድር ተበዳሪው “በመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ይከፍላል፣ ከዚያ በኋላ በወር ወደ 47,580 ብር እየከፈለ ይጨርሳል” ብላችኋል። ስህተት ነው። ትክክለኛው ክፍያ ወደ 55,661 ብር ነው። በየወሩ ከ8 ሺህ ብር በላይ ለጎደለበት ሰው ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ በግልጽ ይታያል። 47,580 ብር የሚመጣው 2 ሚሊዮኑ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በ60 ወራት እኩል ክፍያ ሲመለስ ነው። ዘጋቢያችሁ የ60 ወሩን ክፍያ ወስዶ ከ13ኛው ወር ጀምሮ አስቀመጠው። ነገር ግን በ13ኛው ወር ላይ የቀሩት 48 ወራት ብቻ ናቸው፤ ዕዳው ደግሞ ያው ሙሉ 2 ሚሊዮን ብር ነው። በእፎይታው ዓመት የሚከፈለው ወለድ ከዋናው ገንዘብ አንዲት ብር አይነካም። በወር 25,000 ብር፣ በዓመት 300,000 ብር ከፍለህ የተበደርከው ገንዘብ እንዳለ ይቆይሃል። ያንኑ ዕዳ ባጠረ ጊዜ ውስጥ ለመጨረስ በየወሩ የምትከፍለው መጨመሩ የግድ ነው።

እስቲ የጋዜጣችሁን ቁጥር አምኖ የሚሄድ ሰው እናስብ። ከ13ኛው ወር ጀምሮ በወር 47,580 ብር እየከፈለ፣ አንድም ወር ሳያሳልፍ 5ኛውን ዓመት ይጨርሳል። ጨረስኩ ባለበት ቀን ባንኩ ዘንድ ወደ 527 ሺህ ብር ዕዳ ይጠብቀዋል። ይህን ለዚያ ሰው ማን ሊነግረው ነው? ዘጋቢያችሁ?

ያለ እፎይታ ቢጀምር ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከዋናው ወደ 290 ሺህ ብር ይቀነስለት ነበር። ይህ ያልተቀነሰ ገንዘብ የትም አልሄደም፤ በቀሩት 48 ወራት ላይ ተከፋፍሎ ተጫነ፣ ወለድም እየወለደ ቆየ። በእፎይታው ዓመት በየወሩ ወደ 22,580 ብር ይተርፍሃል፤ በዓመት ወደ 271 ሺህ ብር ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ዓመታት ግን ከ8 ሺህ ብር በላይ እየጨመርክ በጠቅላላው ወደ 388 ሺህ ብር ትመልሳለህ። ልዩነቱ ወደ 117 ሺህ ብር የሚጠጋ ተጨማሪ ወለድ ነው። አንድ ዓመት ለመተንፈስ የተከፈለ ዋጋ ይህ ነው። ዋጋው ተገቢ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔም ማሽን ቆሞ ሳለ ሙሉ ክፍያ መክፈል እንደማይቻል አውቃለሁ። የእኔ ቅሬታ ዋጋ እንዳለው ሳትነግሩን እንደ ስጦታ አድርጋችሁ ማቅረባችሁ ነው። “እፎይታ ተሰጣቸው” ብላችሁ ስትጽፉ ማን ነው የሰጠው? ከፋዮቹ እኛው ነን።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የባልትና ውጤት አመርታለሁ፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ። ወፍጮና ማሸጊያ ማሽን ለመግዛት ልክ እንደ ዘገባችሁ ዓይነት ብድር ወሰድኩ። ዋስትና የተያዘው የእናቴ ቤት ነው። ውሉን ስፈርም የአንድ ዓመት እፎይታ አለሽ ተባልኩ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ያለ አንድ ዓመት ይመስለዋል። ውሉ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ የእፎይታ ጊዜው የሚቆጠረው ብድሩ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ነው። ገንዘቡ ደግሞ በእጄ አልገባም፤ በፕሮፎርማው መሠረት በቀጥታ ለማሽን አቅራቢው ተከፈለ። ያን ቀን እኔ ሼዱ ውስጥ ባዶ ወለል ላይ ቆሜ ነበር፤ እፎይታው ግን መቁጠር ጀምሯል።

ማሽኑ ዘግይቶ መጣ። ከመጣ በኋላ ደግሞ ወፍጮው የሚሠራው በስሪ ፌዝ ነው፤ የሼዳችን ትራንስፎርመር ያን ያህል ጭነት አይችልም ተባለ። ወፍጮው በላስቲክ እንደተሸፈነ፣ አቧራ እየለበሰ፣ በየወሩ መጨረሻ ወለዴን እየከፈልኩ ጠበቅሁ። መብራቱ ገብቶ የመጀመሪያውን ሽሮ ሳስፈጭ ከእፎይታው የቀረው ጥቂት ነበር። በዚህ ላይ ሱቆች ዕቃ የሚረከቡት በዱቤ ነው። ዛሬ ያስረከብኩት ሽሮ ገንዘቡ የሚመለሰው ከወር በኋላ፣ ሲብስም ከዚያ አልፎ ነው። የዐቢይ ጾም ገበያ ደርሶ ሽሮ እንደ ልብ በሚሸጥበት ሰዓት እንኳ ገንዘቡ የሚገባው ፋሲካ ካለፈ ነው። ሙሉው ክፍያ የመጣብኝ በዚህ መካከል ነው። ሲከፈል ከኖረው 25,000 ብር በአንድ ወር ወደ 55,661 ብር ዘለለ፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። የዚያ ወር ክፍያ 25,000ው ያው ወለድ ነው፣ ቀሪው 30,661 ብር ብቻ ከዋናው ይቀነሳል።

ዘገባችሁ “አንዳንድ ተበዳሪዎች ከእፎይታ ጊዜው በኋላ የመክፈል ፍላጎት ይጎድላቸዋል” ሲል የአንድ የባንክ ኃላፊን አስተያየት አስፍሯል። ፍላጎት! የትኛው ሰው ነው የእናቱ ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ፍላጎት ያለው? በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር የተበላሸ ብድር ተብሎ ይመደባል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ደግሞ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የተያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊሸጥ ይችላል። ይህን እያወቀ የሚዘገይ ሰው ፍላጎት ያጣ ሳይሆን ገንዘብ ያጣ ነው። ክፍያው ከእጥፍ በላይ በጨመረበት ወር መዘግየት መብዛቱን ዘጋቢያችሁ አንድ ተበዳሪ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይሰማው ነበር። አልጠየቀም። ከባንኩ ሁለት ሰው፣ ከቢሮ አንድ ሰው ተናገሩ፤ የሚከፍለው ሰው ግን በፎቶው ላይ ማሽን አጠገብ ቆሞ ከመታየት በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ብድሩን ለመፈረም የተዘጋጀ ሰው ዘገባችሁን አንብቦ ይሆናልና፣ እናንተ ያልጻፋችሁትን ልጻፍለት። ከመፈረምህ በፊት የክፍያ ሰንጠረዡን በወረቀት አምጡልኝ በል። 13ኛውን መስመር ፈልግና ያለውን ቁጥር እይ። የምትኖርበት ክፍያ እሱ ነው። ከዚያ ውሉ ላይ የብድሩ ዘመን “የእፎይታ ጊዜውን ጨምሮ” ነው ወይስ “ሳይጨምር” የሚለውን አንብብ። ጨምሮ ከሆነ፣ እንደ እኔ፣ በ48 ወር ትጨርሳለህ፤ ክፍያው ይከብዳል። ሳይጨምር ከሆነ ዕዳው በ6 ዓመት ያልቃል፤ ወርሃዊ ክፍያው 47,580 ብር ላይ ይቆያል። ዘጋቢያችሁ ይህኛውን አስቦ ከነበረ “በ5 ዓመት” ብሎ መጻፍ አልነበረበትም። ይህኛውም ቢሆን በነጻ አይደለም፤ የእፎይታው ዓመት 300,000 ብር ወለድ እንዳለ ይጨመርበታል። ወሩ ቀለለ ማለት ብድሩ ረከሰ ማለት አይደለም።

ሌላው፣ በእፎይታው ወቅት ገንዘብ ከተገኘ ከዋናው ላይ መክፈል ይፈቀዳል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ከተፈቀደና ሰንጠረዡ እንደገና ከተሠራ፣ እፎይታው ሳያልቅ ከዋናው የተከፈለ እያንዳንዱ 100,000 ብር በኋላ የሚመጣውን ክፍያ በወር ወደ 2,783 ብር ያቀልላል። የከፈልከው ለወለድ ሳይሆን ለዋናው መያዙን በደረሰኝ አረጋግጥ። እንዲያው ሒሳብ ውስጥ ካስቀመጥከው በሚቀጥለው ወር ወለድ ተብሎ ሊቆረጥ ይችላል።

ከባንኮችም የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የእፎይታ ጊዜው ማሽኑ ተተክሎ መብራት ከገባበት ቀን ይቆጠር። ይህ አይሆንም ከተባለ ደግሞ ማሽኑ የዘገየበትን ያህል የብድሩ ዘመን ይራዘም። ማሽኑን የሚያመጣው እኔ አይደለሁም፤ ትራንስፎርመር የምተክለውም እኔ አይደለሁም። ሁለቱም ሲዘገዩ ግን የሚያጥረው የእኔ እፎይታ ነው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠብቀው በመጀመሪያው ዘገባ ቦታና መጠን የታተመ እርማት ነው። እርማቱ ላይ 55,661 የሚለው ቁጥር ይስፈር፤ 48 ወር በሚል ይብራራ። የሚቀጥለውን ዘገባ ስትሠሩም ደብረ ብርሃን ድረስ ኑ፤ የክፍያ ሰንጠረዤን አሳያችኋለሁ፣ የጎረቤቶቼንም ጠይቁ። በዚህ ሼድ ውስጥ እንደ እኔ 13ኛው ወር ላይ የደረሱ አሉ፤ ሊደርሱ የተቃረቡም አሉ። አንደኛዋ ባለፈው ሳምንት ጋዜጣችሁን ይዛ መጥታ “አየሽ፣ 47 ሺህ ነው የሚለው” አለችኝ። ሰንጠረዡን ከፍቼ ያሳየኋት እኔ ነኝ።

አንዲት የባልትና አምራች
ደብረ ብርሃን