ጉዳዩ፦ የማስፋፊያውን ስጋት በየትኛው ስሌት እንመዝን?

ለዋና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለማስፋፊያ ኮሚቴ አባላት

የምግብ ዘይት ማጣሪያችንን አቅም የማሳደግ ዕቅድ በሁለት መንገድ አስልቻለሁ። በሦስት ሁኔታዎች ሲታይ፣ ገቢና ወጪው ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ፣ መልካሙ 220 ሚሊዮን፣ መካከለኛው 90 ሚሊዮን ብር ያተርፋል፤ በክፉው 260 ሚሊዮን ብር እንከስራለን። ሆኖም ክፉው የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ይህ ስሌት አይነግረንም።

ሲሙሌሽኑ ይነግረናል። የዶላር ምንዛሪን፣ የድፍድፍ ዘይት ዋጋንና የሽያጭ መጠንን በዕጣ እየቀያየረ 10,000 ጊዜ ሲያሰላ የመክሰር ዕድላችን 18 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ግን ያዘናጋል፤ ሦስቱን እርስ በርስ እንደማይነካኩ ቆጥሯቸዋልና። ዶላር ሲወደድ የጥሬ ዕቃ ወጪ ይንራል፣ ገዢም ይቀንሳል። ትስስሩን ሳስገባ ዕድሉ 31 በመቶ ደረሰ።

ከዚህ የሚብሰው ሲሙሌሽኑ የሚማረው ካለፈው መረጃ መሆኑ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የነበረውን የባንክ ምንዛሪ ብቻ ብንሰጠው፣ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነሥቶ 100 ብር እንደሚያልፍ ፈጽሞ አያሳየንም ነበር። እንዲህ ያለውን ዝላይ የሚይዘው በእጃችን የምንጽፈው ክፉ ሁኔታ ነው።

ስለዚህ ውሳኔውን በክፉው ሁኔታ እንፈትነው፤ በሲሙሌሽኑ የመጠባበቂያ ገንዘቡን መጠን እንወስን። 260 ሚሊዮን ብር ከስረን ብድራችንን መክፈል አንችልም። በአንድ የማምረቻ መስመር ጀምረን ሁለተኛውን ብናዘገየው ግን የክፉው ሁኔታ ኪሳራ ወደ 95 ሚሊዮን ይወርዳል። የማሽን አቅራቢው የሰጠን ዋጋ ጊዜው ሳያልፍ በዚህ አማራጭ ላይ እንዲወስኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ።