የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ ዘገባ፦ ባለ አንድ ቃሎቹ

ክበባችን ዘንድሮ ድራማ አልሠራም። የግጥም ምሽትም አላዘጋጀም። ለወላጆች ቀን እንኳ ይዘን የቀረብነው አንድ ሰሌዳ ሙሉ ካርድ ነው። የሚኒ ሚዲያ ልጆች «ባለ አንድ ቃሎቹ» የሚል ስም አወጡልን። ስሙ ያስቃል፤ ግን ውሸት አይደለም።

ዓመቱን ሙሉ ስንመረምረው የቆየነው አንድ ቃል ሻደንፍሮይደ ነው። ጀርመንኛ ነው፤ እንግሊዝኛም ተውሶ ይጠቀምበታል። ሻደን ጉዳት ነው፣ ፍሮይደ ደግሞ ደስታ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ሰው ሲጎዳ አይተን ውስጥ ውስጡን የሚሰማን ደስታ ማለት ይሆናል። ነገሩን ያነሳችው አንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን ናት። ቃሉን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ላይ አይታዋለች። «ቲቸር፣ እንግሊዝኛ ይሄ ሁሉ ቃል እያለው ለዚህ ምን አሳነሰው?» አለች። በሚቀጥለው ስብሰባ እመልስልሻለሁ አልኳት። መልሱ እስከ ሰኔ ቆየ።

መጀመሪያ የተነሳው ክርክር እንግሊዝኛ በርግጥ ቃል አጥቶ ነበር ወይ የሚል ነው። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ «ግሎት አለ አይደል?» ብሎ ድርቅ አለ። ግሎት በሌላው ውድቀት ወይም በራስ ድል መፈንጠዝ ነው። ልጁን መዝገበ ቃላት አላሳመነውም፤ ያሳመነው ኳስ ነው። በክፍሎች ውድድር የ11ኛ «ለ» በረኛ ኳሷን በእግሮቹ መሀል አሳልፎ ገባችበት። ከተቃራኒው ክፍል አንዱ መስመር ዳር ቆሞ እየጨፈረ ስሙን ይጠራ ነበር። ይሄ ግሎት ነው። ሌላው ደግሞ ሄዶ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ያጋጥማል» አለው። ከዚያ ዞር ሲል ጥርሱን መክደን አቃተው። ሻደንፍሮይደ የሁለተኛው ልጅ ነው። ግሎት ከውጭ የሚታይ ድርጊት ነው። ሻደንፍሮይደ ግን ማንም ሳያይብህ ብቻህን የምታጣጥመው ነው፤ ጉዳቱንም ያደረስከው አንተ መሆን የለብህም። ተከራካሪያችን በዚህ ተረታ። ቀልዱን የሰሙት የ11ኛ «ለ» ልጆች ግን እስካሁን አኩርፈውናል።

ስለ አማርኛም ተጠየቅሁ፤ መቼም አይቀርም። ስሜቱ ሲመጣ የምንለው ሞልቶናል፦ «እሰይ፣ ይበለው!»፣ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!»። ስሜቱን ራሱን በአንድ ቃል ጥሩት ሲባሉ ግን ክፍሉ ዝም አለ። ብቻ ነገሩ አዲስ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ «ጠላትህ ሲወድቅ ደስ አይበልህ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የፍለጋ ጊዜ ነበር፤ ዓመቱም ያማረው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ቃል ነበረው! የጥንት ግሪኮች ይህን ስሜት ኤፒካይረካኪያ ይሉት ነበር፤ በክፉ ነገር መደሰት ማለት ነው። አርስቶትል በሥነ ምግባር ትምህርቱ ከቅናት ጎን ያነሳዋል። ሮበርት በርተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1621 ባሳተመው መጽሐፍ ቃሉን በግሪክኛው እንዳለ ተጠቅሞበታል። እ.ኤ.አ. በ1721 ደግሞ የናታን ቤይሊ መዝገበ ቃላት ኤፒካሪካኪ ብሎ እንግሊዝኛ ልብስ አለበሰው። ከዚያስ? ምንም። መዝገበ ቃላት ውስጥ ተቀመጠ እንጂ አፍ ላይ አልወጣም። እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት። ልጆቹ ሞክረው በሳቅ ሞቱ። ቃል ስለተመዘገበ ብቻ አይኖርም፤ የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሪቻርድ ትሬንች የሚባል ቄስ ብቅ ይላል። ትሬንች በዊንቸስተር ለመምህርነት ለሚሠለጥኑ ወጣቶች ስለ ቃላት ያስተምር ነበር። (የሥራ ባልደረባዬ ልለው ቃጥቶኛል።) ትምህርቶቹ በመጽሐፍ ታተሙ። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሻደንፍሮይደ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጀመሪያ የታየበት ብሎ የሚጠቅሰው ይህንኑ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1852። ትሬንች የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ በሰው መከራ መደሰትን የሚገልጽ ቃል በአንድ ቋንቋ ውስጥ መኖሩ እንዴት ያስፈራል! ቃሉ ካለ ነገሩም አለ ማለት ነውና። ከዚያ ሁለት ምሳሌ ይሰጣል፤ የግሪኩንና የጀርመኑን።

እዚህ ላይ ልጆቹን አስቆምኳቸው። ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ በምን በር እንደገባ አያችሁ? ክፍተት ሊሞላ ተፈልጎ አይደለም የመጣው። «እነዚያ ሰዎች እንዲህ ያለ ቃል አላቸው» ተብሎ ማስረጃ ሆኖ ነው። ነገሩን የባሰ የሚያስቅ የሚያደርገው ደግሞ ይኸው ትሬንች እ.ኤ.አ. በ1857 በለንደን የፊሎሎጂ፣ ማለትም የቋንቋ ጥናት፣ ማኅበር ፊት ቆሞ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የጎደላቸውን መዘርዘሩ ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሥራ የተጸነሰው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ቶማስ ካርላይል ነው። ካርላይል ጀርመንኛ አዋቂ ጸሐፊ ነው፤ የጀርመኑን ባለቅኔ ጎተን የተረጎመ። እ.ኤ.አ. በ1867 በጻፈው የፖለቲካ መጣጥፍ ውስጥ ሻደንፍሮይደን ያነሳና እዚያው ላይ «ሚስቺፍ ጆይ» ብሎ ይተረጉመዋል። የአገር ቃል ተሠራ ማለት ነው! የሠራውም በዘመኑ አንባቢ የሞላው ጸሐፊ ነው። ግን ማንም አላነሳለትም። የኔ ግምት ሚስቺፍ ላይ ነው። ቃሉ ዱሮ ከባድ ጉዳት ማለት ነበር። እየዋለ ሲያድር ወደ ልጅ ረብሻና ተንኮል ወረደ። ሚስቺፍ ጆይ ሲባል የሚታየው እንግዲህ መስኮት ሰብሮ የሚሮጥ ልጅ ነው።

«እሺ፣ ሃርም ጆይ ቢሉትስ?» አሉ ልጆቹ። ጉዳት ደስታ፤ ቀጥታ ትርጉም። ይህንን ፈተንነው። አባላቱ ቃሉን ወረቀት ላይ ብቻውን ጽፈው፣ ምንም ሳያብራሩ፣ ክበብ ውስጥ ላልሆኑ ተማሪዎች እያሳዩ ምን ማለት ይመስላችኋል ብለው ጠየቁ። ብዙዎቹ «የሚጎዳ ደስታ» አሉ፤ አንዱ ልጅ ሲጋራን ምሳሌ ሰጠ። ችግሩ እሱ ነው። ሁለት ስም ጎን ለጎን ሲቆም በመሀላቸው ያለውን ዝምድና የሚናገር ነገር የለም። ደስታው ከጉዳት የመጣ ነው ወይስ ጉዳት የሚያመጣ? ጀርመንኛም ከዚህ አያመልጥም። ግን ጀርመኖቹ ትርጉሙን በልማድ አጽንተውታል፤ «ከደስታ ሁሉ ደስታ ሻደንፍሮይደ ነው» የሚል አባባል እስኪኖራቸው ድረስ። አዲስ የተሠራ ቃል ይህ ልማድ የለውም።

ጎረቤቶቹ ግን ተክተውታል። ደች ሌትፈርማክ ይላል፤ ሐዘንንና መዝናናትን አጋጥሞ። ዴንማርኮች ስካደፍሪድ አላቸው፤ ለጀርመንኛው የሥጋ ዘመድ ነው። ዕብራይስጥ ደግሞ የራሱን ቃል ከዚያው ከመጽሐፈ ምሳሌ አውጥቷል። እንግሊዝኛም የጀርመንኛ ዘመድ ሆኖ ሳለ ለምን አልቻለም? ቁርጥራጮቹን ፈለግናቸው። የሻደን ዘመድ እንግሊዝኛ ውስጥ ስኬይዝ ነው። ዛሬ ብቻውን የሚለው የለም ማለት ይቻላል፤ «አንስከይዝድ» ማለትም ሳይጎዳ የተረፈ በሚለው ውስጥ ተወሽቆ ቀርቷል። ለፍሮይደ ዘመድ የሚሆነው ፍሮሊክ ነው፤ ትርጉሙ መፈንደቅ፤ እሱም ራሱ ከደች የተወሰደ። በነዚህ ሁለት ቃል ቃል ልሥራ ቢሉ የሚረዳ አይገኝም።

ታሪክም አለበት። እንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. ከ1066 የኖርማኖች ወረራ በኋላ ለረቀቀ ሐሳብ ፈረንሳይኛና ላቲን መበደር ለመደ። ከቤት ሥር ቃል እያጋጠሙ የስሜት ስም መሥራት፣ ጀርመንኛ ያላቋረጠው ሥራ፣ እዚያ ደከመ። ደከመ እንጂ አልሞተም። «ሱፐርማን» የጀርመናዊውን ፈላስፋ የኒቼን ኡበርመንሽ ተክቷል። «ወርልድቪው»፣ የዓለም አተያይ ማለት ነው፣ ቬልትአንሻውንግን ተክቷል። «ሎንወርድ» እንኳ፣ የውሰት ቃል ማለት ነው፣ ሌንቮርት ከሚለው ጀርመንኛ የተተረጎመ ነው። እንዲህ ያለው ትርጉም በእንግሊዝኛ «ካልክ» ይባላል፤ ካልክ ደግሞ ከፈረንሳይኛ የተዋሱት ቃል ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ያጨበጨቡትን ጭብጨባ በድራማ እንኳ አላገኘንም።

እንግዲህ መሥራት ይቻል ነበር ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልሠሩም? የኔ አስተያየት ይህ ነው፤ አንዳንድ አባላት አይስማሙበትም። ቃሉን እንደ ባዕድ ማቆየቱ ተመቻቸው። አንድ ሰው በራሱ ቋንቋ «በውድቀቱ ደስ አለኝ» ቢል ኃጢአቱን ተናዘዘ። «ጀርመኖች ሻደንፍሮይደ የሚሉት ነገር ተሰማኝ» ሲል ግን ያው ኃጢአት ፈገግታ ያስገኝለታል። ካርላይልም ቃሉን ሲያነሳ ጀርመኖች የሚሉት ነው ብሎ ነው፤ እኔ ጋ ግን እንዲያውም የፍትሕ ደስታ ነው ብሎ ሊያስተባብል ይሞክራል። ይህን የማይቀበሉት አባላት ምክንያቱ ቀላል ነው ይላሉ፤ ያኔ የእንግሊዝ ምሁራን ጀርመንኛ ያነቡ ነበር፣ ቃሉ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር፣ አነሱት። እነሱም እውነት አላቸው። ግን ካርላይል ትርጉም ሰጥቷቸው ሳለ ለምን ባዕዱን መረጡ ስላቸው መልስ አላገኙም።

በመጨረሻ ቃሉ ምን ያህል እንደተላመደ ለካን። ሦስት ነገር አየን፦ ትልቅ ፊደሉ፣ ሰያፍ ጽሑፉና የወለዳቸው ቃላት። ጀርመንኛ ስምን ሁሉ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ያልተላመደ ባዕድ ቃልን በሰያፍ ይጽፋል። ኪንደርጋርተን ትልቅ ፊደሉን ጥሎ፣ ሰያፉን ጥሎ ቤተኛ ሆኗል። ሻደንፍሮይደም በአብዛኛው በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ አንዳንድ ጸሐፊ ግን አሁንም ሰያፍ ያደርገዋል። የሚገርመው ሦስተኛው ነው። ጀርመንኛ ሻደንፍሮ የሚል ቅጽል አለው፤ በሰው ጉዳት ደስ የሚለው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ስሙን ወስዶ ቅጽሉን እዚያው ተወው። ግስም አልሠራለትም። ስሜቱ ስም አለው፤ ሰውዬው ግን ስም የለውም። የ10ኛ ክፍሏ ልጅ ይህን ካርድ ስትጽፍ «ጎበዞች! ራሳቸውን አወጡ» ብላ ሳቀች።

ካርዶቹ በቤተ መጻሕፍቱ የማጣቀሻ መደርደሪያ ላይ አሉ፤ ጫማ እንዳይመስላችሁ፣ የጫማ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ለሚቀጥለው ዓመት አባላቱ ሁለት ቃል እንዲሆንላቸው ጠይቀዋል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ እባካችሁ አንድ አጭር ድራማ ጨምሩበት ብለዋል። ምዝገባ መስከረም ውስጥ ነው። የ11ኛ «ለ» በረኛም ስሙን አስይዟል።