ፕሬድኒሶሎኑ ከመጀመሩ በፊት ሰገራው ደጋግሞ ይታይ

ለክቡር አዘጋጁ፣

ፒያሳ አካባቢ በአንድ ላቦራቶሪ ደምና ሰገራ የምመረምር ባለሙያ ነኝ። በቅርቡ አንዲት የ52 ዓመት እናት በሌላ ክሊኒክ የተሠራላቸውን የደም ውጤት ይዘው መጡ። ለወራት ያስላቸዋል፣ ሌሊት ደረታቸው ሲር ሲር ይላል፣ ቆዳቸውንም ያሳክካቸዋል። ወረቀቱ ላይ ኢዮሲኖፊል የሚባለው የነጭ የደም ሴል ዓይነት 18 በመቶ ይላል። አለርጂ ነው ተብለው የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ታዞላቸዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገና አልጀመሩትም ነበር።

መቶኛው ብቻውን ያሳስታል። ነጭ የደም ሴላቸው በማይክሮሊትር 9,000 ስለነበር፣ 18 በመቶው 1,620 ይሆናል፤ ጤናማው ግን ከ500 አይበልጥም። ነጭ ሴሉ 3,000 የሆነ ሰው 10 በመቶ ቢወጣለት ቁጥሩ 300 ብቻ ነው፣ አያስደነግጥም። ይህ ስሌት በስንት ወረቀት ላይ ይቀራል!

አስምና አለርጂ ኢዮሲኖፊልን እንደሚያበዙ እውነት ነው፤ ሐኪሙም ያለ ምክንያት አልጠረጠሩም። እኔ ግን የት እንዳደጉ ጠየቅኋቸው። ጅማ አካባቢ፣ በባዶ እግራቸው ቡና ሲለቅሙ ነው ያደጉት። አዲስ አበባ ከገቡ 24 ዓመት ስለሆናቸው ትልን ያሰበ አልነበረም። ሰገራቸውም አንድ ጊዜ ታይቶ «ምንም የለም» ተብሏል።

ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው ትል ግን በእግር ቆዳ ገብቶ፣ በሳንባ አልፎ አንጀት ይደርሳል። እዚያው ሰውነት ውስጥ ራሱን እየተካ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። የትሉ እጭ በሰገራ የሚወጣው አልፎ አልፎ ስለሆነ አንድ ናሙና ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ጃርዲያና አሜባ ቢገኙ እንኳ ኢዮሲኖፊል ለመብዛቱ ምክንያት አይሆኑም፤ አንጀት ውስጥ ብቻ የሚኖረው ኮሶም እምብዛም አያበዛውም። ቁጥሩን የሚያንረው በሥጋ ውስጥ የሚጓዝ ትል ነው።

በሦስት የተለያዩ ቀናት ትኩስ ሰገራ አስመጣን። በስስ የፋሻ ጨርቅ አድርገን ለብ ያለ ውሃ ላይ ለሰዓታት አቆየነው፤ እጩ ሕይወት ካለው ወደ ውሃው ይወርዳል። በሦስተኛው ናሙና ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ፕሬድኒሶሎን ቢወስዱ ኖሮ ኢዮሲኖፊሉም ይወርድ፣ ሳሉም ለጊዜው ይቀል ነበር፤ የተሻላቸውም ይመስል ነበር። ትሉ ግን የሰውነታቸው መከላከያ ሲዳከም ይባዛል፣ የአንጀት ባክቴሪያም ይዞ ወደ ደም ይገባል፤ ይህ ይገድላል። ሐኪሙ ውጤቱን አይተው አይቨርሜክቲን አዘዙላቸው፤ ለወስፋት የሚሰጠው አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ለዚህ ትል አይበቃም። ከሦስት ወር በኋላ ኢዮሲኖፊላቸው 410 ሆነ፣ ሌሊትም ይተኛሉ።

የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው ከመቶኛው ጎን ቁጥሩን እንዲጽፉ ነው። ሐኪሞችን ደግሞ፣ ኢዮሲኖፊሉ ከፍ ላለ ሰው ፕሬድኒሶሎን ከማዘዛቸው በፊት የት እንዳደገ እንዲጠይቁና ሦስት ጊዜ ሰገራ እንዲያስመረምሩ እለምናለሁ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ