ለአባዬ፦ ስለ ቤቱ ነገር

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅቷ ሁለት ጥርስ አውጥታለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፣ የአባቷን ጣት ጨምሮ። ፎቶዋን በእህቴ ስልክ ልኬዋለሁ፣ አሳዪኝ በላት።

ባለፈው «ቤቱስ መቼ ነው?» ስትለኝ በሳቅ አለፍኩት። በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ከተከራየንበት ብሎክ ብዙም ሳይርቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ለሽያጭ ወጣ። 4 ሚሊዮን ብር ነው የተባለው። አንድ ባንክ ጠየቅን፤ 30 በመቶውን እናንተ ካመጣችሁ ቀሪውን እናበድራለን አሉን። 1 ሚሊዮን 200 ሺህ መሆኑ ነው። ለስም ማዛወሪያ፣ ለቴምብርና ለደላላ 200 ሺህ ጨመርንበት። ባንኩ የሚያበድረው ደግሞ ሻጩ በጠራው ዋጋ ሳይሆን የራሱ መሐንዲስ በገመተው ነው። ግምቱ ካነሰ ልዩነቱ ከእኛ ኪስ ይወጣል። እሱን ለጊዜው ተውነው።

ማታ ልጅቷ ስትተኛ ሳሚ ስልኩን አውጥቶ መደመር ጀመረ። የሁለታችን ደመወዝ ተቆራርጦ 42 ሺህ ነው። ኪራይ 14 ሺህ ይወስዳል። ታክሲው፣ ወተቱ፣ ጤፉ ሲነሳ፣ በጣም ጨክነን በወር 10 ሺህ እናስቀምጣለን። 1 ሚሊዮን 400 ሺህ በዚህ ሲካፈል 11 ዓመት ከ8 ወር። የባንክ ወለድ 7 በመቶ ስናስብ ወደ 9 ዓመት ወረደ። ሳሚ ደስ አለው። «ልጅቷ አራተኛ ክፍል ሳትጨርስ ቤታችን እንገባለን» አለ።

እኔ ነኝ ደስታውን ያበላሸሁት። ቤቱ 9 ዓመት ሙሉ 4 ሚሊዮን ላይ ቆሞ ይጠብቀናል ወይ አልኩት። ዋጋው በዓመት 10 በመቶ ብቻ ይጨምራል እንበል፤ የዚህን አገር ኑሮ ለሚያውቅ ይህ ቸር ግምት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከነወለዱ 124 ሺህ ገደማ እናጠራቅማለን። የሚያስፈልገን ግን በዚያው ዓመት በ140 ሺህ ያድጋል። ዓመት ሙሉ ቆጥበን፣ ከቤቱ በ16 ሺህ ብር ራቅን ማለት ነው! የምናስቀምጠው እዚያው 10 ሺህ ላይ ከቀረ መቼም አንደርስበትም። እሱም በየዓመቱ በ10 በመቶ ካደገልን 15 ዓመት ይፈጃል።

እቁብ ግቡ እንደምትለን አውቃለሁ። ገብተናል። ግን አሥራ ሁለት ሰው አሥር አሥር ሺህ ቢጥል የሚደርሰን ያው 120 ሺህ ነው፤ ወለድ የለውም። ጥቅሙ በየመሃሉ ብሩን እንዳንነካው ማድረጉ ነው።

ብድሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። 2 ሚሊዮን 800 ሺህ በ16 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት ይከፈል ቢባል፣ በወር 39 ሺህ ይጠጋል። ከ42 ሺህ ላይ! ባንኩ ይህን አይቶ አይሰጠንም። ስለዚህ ቅድመ ክፍያው ቢሞላ እንኳ ደመወዛችን ከቤቱ ዋጋ ቀድሞ ካልሮጠ ነገሩ አይሆንም።

ሳሚ ስልኩን አስቀምጦ «የሰበታው ቦታ ቢኖር» አለ። ምንም አልመለስኩለትም። አባዬ፣ ወንድሜን ደቡብ አፍሪካ ለመላክ ቦታውን ስትሸጥ አንድ ቀን እንኳ አላማከርከኝም። እማዬን «ሴት ልጅ ባሏ ይሠራላታል» ብለሃት ነበር፤ ነግራኛለች። ወንድሜ መሄድ አልነበረበትም አልልም። እሱም እዚያ የሚያየውን መከራ እሰማለሁ። ግን ግማሹ ቢቀር ኖሮ እላለሁ፤ በተለይ ባለቤቴ ከደላላ ጋር ሲለማመጥ ሳይ። ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ያን አልረሳሁም። ይኼኛውም ግን አልወጣልኝም።

15 ዓመት ስል አንተ አሁን 74 ነህ። ከዚያ በላይ አልደመርኩም። ሁልጊዜ ሳስብ የነበረው አንዷን ክፍል ለአንተ ነበር።

ስለዚህ ቤቱን አንጠብቅ። አሁን ያለንበት ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ በዚያ ጉልበትህ አይሆንም። ከጎናችን ያለው ብሎክ ላይ ምድር ቤት ተገኝቷል፣ ኪራዩ በወር 3 ሺህ ይበልጣል። ሳሚ ሒሳቡን በ7 ሺህ እንደገና ልሥራው ሲል ስልኩን ቀማሁት። የደብረ ብርሃን ብርድ ሳይብስ ና። የግፊት ክኒንህን ከነካርዱ ያዝ፤ ባለፈው ካርዱን ትተህ መጥተህ እንዴት እንደተንከራተትን ታውቃለህ። አከራይዋ የሦስት ወር በአንዴ ነው የምትፈልገው፣ የምትጠብቀንም እስከ ወር መጨረሻ ብቻ ነው። እሺ ወይም እንቢ በለኝ፣ ግን «እናያለን» አትበለኝ።

ልጅህ