ለአለቃሽ የምትነግሪው

ልጄ፣ እንዴት አደርሽ? ትናንት ሥራ እንዳልገባሽና ስልክሽም ዝግ እንደሆነ አክስትሽ ማታ ደውላ ነገረችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አደርኩ። ሐኪሙ የ10 ቀን ዕረፍት ጽፎልሽ አለቃሽን ምን እንደምትይው ጨንቆሽ ቤት መቀመጥሽን ጠዋት ስትነግሪኝ ግን ቀለል አለኝ። እሱ መላ አለው። ብቻ አትዋሺ፣ ሁሉንም ደግሞ አትናገሪ።

መጀመሪያ ዛሬውኑ አሳውቂ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለሆንሽ የሚገዛሽ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ እሱም የታመመ ሠራተኛ በቀረ ማግስት ለአሠሪው ያሳውቅ ይላል። ማግስቱ ዛሬ ነው። የሙከራ ጊዜሽን ጨርሰሻል፣ ስለዚህ የሕመም ፈቃድ መብትሽ ነው፤ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሳይቀነስ ይከፈላል። ልመና ውስጥ አትግቢ።

መልእክቱን እንዲህ ብለሽ ላኪ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በጤና ምክንያት ሕክምና ላይ ነኝ። ሐኪም ከሰኞ ጀምሮ የ10 ቀን ዕረፍት አዞልኛል። ማስረጃውን ዛሬ ለሰው ኃይል አደርሳለሁ። የጀመርኩት ሥራ የቱ ጋ እንዳለ ጽፌ ልኬያለሁ።» በቃ። ይቅርታ አታብዢ። ይቅርታ ሲበዛ ሰው ምን ደብቃ ነው ይላል።

ምንሽን ነው ያመመሽ ማለቱ አይቀርም፤ አገራችን ነው፣ ክፋትም ላይሆን ይችላል። «ሐኪም እየተከታተለኝ ነው፣ እየተሻለኝ ነው፣ ዝርዝሩን ለራሴ ብይዘው ይሻለኛል» በይው። ደግሞ ከጠየቀሽ ያንኑ ድገሚለት። አዲስ ቃል አትጨምሪ። ታይፎይድ ነው እንዳትይ! ታይፎይድ ካልሽ የቢሮ ልጆች ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁሽ ይመጣሉ፣ ምን መድኃኒት ሰጡሽ ይላሉ፣ ከዚያ አንዱን ውሸት በሌላ ስትጠግኚ ዕረፍትሽ ያልቃል። የሐኪሙ ወረቀትም ሌላ ነገር ቢናገር እውነተኛው ሕመምሽ ራሱ ውሸት ይመስላል።

ይህን የምልሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ለእናትሽም ሙሉውን አልነገርኳትም። ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ሳለሁ አንድ ልጅ ጠዋት በር ላይ ጠብቆ ሁሉንም ነገረኝ። እንቅልፍ እምቢ እንዳለው፣ አዲስ አበባ አማኑኤል ሄዶ እንደታከመ፣ የሚወስደውን ኪኒን ሳይቀር። አምኖኝ ነው። እኔም አይዞህ ብዬ ፈቃዱን ፈረምኩለት። ከሰዓት በርጫ ላይ ግን ለሁለት ጓደኞቼ አወራሁት። በክፋት አልነበረም፣ አዝኜለት ነው ያወራሁት። ግን ሳምንት ሳይሞላ «አማኑኤል» የሚል ስም ወጣለት። ክር በተበጠሰ ቁጥር ኪኒኑን አልዋጠም ይሉ ጀመር። አንድ ቀን ወጣ፣ አልተመለሰም። ከዓመታት በኋላ ቀፊራ አገኘሁትና ጎንበስ ብሎ በአክብሮት ሰላም አለኝ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ስለዚህ አለቃሽ ደግ ሰው ነው አትበይኝ። እኔም ደግ ነበርኩ።

አሁን ወረቀቱን አውጪና እይው። የበሽታው ስም የሚጻፍበት መስመር አለ? ተሞልቶ ከሆነ ወደ ሐኪምሽ ተመለሺና ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን መሥራት አትችልም የሚል ብቻ እንዲጽፍልሽ ጠይቂው። ማኅተሙንም እይ፤ የክፍሉ ስም ካለበት የሆስፒታሉን አጠቃላይ ማኅተም ለምኚ። ፎርሙ ግድ ይላል ካሉሽ ደግሞ ፖስታ ውስጥ አሽገሽ ለሰው ኃይል ኃላፊ በእጅ ስጪ፣ ለቅርብ አለቃሽ አይደለም። መቀበላቸውን አስፈርሚ፣ ኮፒ አስቀሪ። በቴሌግራም ፎቶ እንዳትልኪ። ፎቶ አንዴ ከእጅሽ ከወጣ የማን ስልክ ላይ እንደሚያድር አይታወቅም። ስሙን በእስክርቢቶ ልሰርዝ እንዳትይም፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ማስረጃ ፎርጅድ ነው ይባላል።

ስትመለሺ መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት የሚያፈዝዝሽ ከሆነ እሱን አትደብቂ። ብር የምትቆጥሪ ሰው ነሽ፣ ስህተት ቢፈጠር በአንቺ ይመጣል። የሕመሙን ስም ሳይሆን የማትችይውን ንገሪያቸው፦ «ለሁለት ሳምንት ጠዋት ካዝና ላይ ባልሆን ይሻላል፣ የሐኪም ምክር ነው»። ይህንንም ሐኪሙ እንዲጽፍልሽ ጠይቂው።

ደግሜ ልንገርሽ፣ አትዋሺ፣ ሁሉንም አትናገሪ። ለእኔ ግን ሁሉንም ንገሪኝ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓትም ቢሆን ደውዪ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሐረር እገባለሁ። እናትሽ በሶ እያዘጋጀች ነው። ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ፣ መልእክቱንም ከምሳ በፊት ላኪው።

አባትሽ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን