ደመወዝ ረቡዕ ሲዘጋ ትርፍ ሰዓታችሁን ተመልከቱ

ውድ የማኅበራችን አባላት፤

እዚህ አቃቂ ቃሊቲ የዚህ ወር ደመወዛችን የሚዘጋው ረቡዕ ነው። ትርፍ ሰዓት ሳይታይ የሚቀረው እንዲህ ባለው ሳምንት ነው። ሰኞና ማክሰኞ አሥር አሥር ሰዓት፣ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ስምንት ስምንት ሰዓት የሠራ ሰው በሳምንቱ 52 ሰዓት ሠርቷል። መዝገቡ ግን 28 እና 24 ብሎ ለሁለት ወር ይከፍለዋል። ሁለቱም ከሳምንቱ መደበኛ 48 ሰዓት ስለሚያንሱ አራቱ ሰዓት የትም አይታይም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓት በየቀኑም ይቆጠራል፤ ከስምንት ሰዓት በላይ የተሠራው ትርፍ ነው። አራቱ ሰዓት ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት የተሠሩ ከሆነ በ1.5 ተባዝተው የስድስት ሰዓት ክፍያ ይሆናሉ፤ የሚከፈሉትም በሚዘጋው ወር ነው። የሰዓት መቆጣጠሪያችሁን ቅጂ ከደመወዝ ወረቀቱ ጋር ቀን በቀን አስተያዩ፤ ከጎደለ ቀኑን ጠቅሳችሁ ለደመወዝ ክፍሉ በጽሑፍ አመልክቱ።