በፋሲል ግቢ አጠገብ ለሚሠራው ህንፃችን ስለተዘጋጀው የቅርስ ተፅዕኖ ግምገማ ሪፖርት የቀረበ ቅሬታ

ለአማካሪ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ሪፖርቱ ታርሞ እንደገና እንዲሠራልን ስለመጠየቅ

ጎንደር ውስጥ፣ ከፋሲል ግቢ አጥር በስተሰሜን ባለው የቤተሰባችን ቦታ ላይ ጂ+4 የእንግዳ ማረፊያ ልንሠራ አስበናል። ግቢው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ህንፃችን በቅርሱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ እንዲጠና ብለን ሥራውን ለእናንተ ሰጠን። የመጣልን ሪፖርት «ጉዳቱ ዝቅተኛ ነው፣ ግንባታው ሊቀጥል ይችላል» ይላል። መስማት የምንፈልገው መልስ ይሄ ነበር። ሰነዱን ገጽ በገጽ ስናየው ግን መልሱ የቆመበት መሠረት አልታየንም።

ከአወቃቀሩ ልጀምር። የሪፖርቱ ግማሽ የሚያህለው ታሪክ ነው። አፄ ፋሲል ከተማዋን እንዴት እንደቆረቆሩ፣ ከእሳቸው በኋላ ማን ምን እንዳሠራ ተተርኳል። ይህን የጎንደር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ክፍል የምንጠብቀው ሌላ ነበር፦ የቅርሱ ዋጋ በየትኞቹ ነገሮች ላይ እንደሚታይ ተለይቶ እንዲጻፍ። የእንቁላል ግንቡ ማማዎች ከሰማይ ጋር የሚሠሩት መስመር አንዱ ነው። ቤተ መንግሥቶቹ እርስ በርስ የሚተያዩበት ክፍት ቦታ ሌላው ነው። ዙሪያውን የያዘው 900 ሜትር የሚሆን አጥርም አለ። እነዚህ ካልተዘረዘሩ «ምን ተጎዳ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ጉዳት የሚለካው በእነሱ ላይ ነውና። ፒያሳ አካባቢ ያሉት የጣሊያን ዘመን ህንፃዎች ደግሞ ጭራሽ አልተነሱም። የዓለም ቅርስ ባይሆኑም የከተማችን ቅርስ ናቸው።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን የስሌቱ ነው። ሪፖርቱ «ህንፃው ከግቢው ውስጥ አይታይም» ይላል። ማስረጃው እንዲህ ነው። ጎብኚው ከቆመበት 40 ሜትር ርቆ የፈረሰ ግድግዳ አለ፣ ከፍታው 7 ሜትር። የኛ ህንፃ 120 ሜትር ላይ ነው። የጎብኚው ዓይን ከመሬት 1.6 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ግድግዳው ከዓይኑ በ5.4 ሜትር ይበልጣል። ህንፃው ያለው በሦስት እጥፍ ርቀት ስለሆነ 5.4 በ3 ሲባዛ 16.2 ይመጣል። 1.6 ሲጨመርበት 17.8 ሜትር ይሆናል። ከዚህ በታች ያለ ነገር ሁሉ በግድግዳው ይሸፈናል። አምስት ወለል በ3.5 ሜትር 17.5 ነው። ስለዚህ አይታይም አላችሁ።

ስሌቱ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው፤ የገቡት ቁጥሮች ግን ጎደሎ ናቸው። ራሳችሁ ባያያዛችሁት የቅየሳ ካርታ ላይ የኛ መሬት ጎብኚው ከቆመበት በ4 ሜትር ከፍ ይላል። ጣሪያው ላይ ደግሞ የሊፍቱ ክፍልና የሮቶው መቆሚያ ሌላ 4 ሜትር ይጨምራሉ። ሲደመር 25.5 ሜትር ነው። ከግድግዳው በላይ 7.7 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። ጎብኚው የላይኛውን ወለል በሙሉ፣ ከሥሩም ካለው ወለል ትንሽ፣ ከነሮቶው ያያል። ያውም ማማዎቹ ከሰማይ ጋር በሚገናኙበት አቅጣጫ።

ህንፃው በፎቶ ላይ ተገጥሞ የቀረበው ምስልም አሳሳች ነው። በሰፊ ሌንስ የተነሳ ፎቶ የሩቁን ነገር ያሳንሰዋል። ለዚህ ሥራ በተለምዶ የሚመረጠው ወደ 50 ሚሊሜትር የሚጠጋ ሌንስ ነው። ምንም ተጠቀሙ ምን ግን የሌንሱ ዓይነት፣ የካሜራው ከፍታና የቆማችሁበት ነጥብ መጻፍ ነበረበት። አንዱም የለም። ደግሞም በምስሉ ላይ ህንፃውን የሸፈነው አንድ ትልቅ ዛፍ ነው። ዛፍ ይደርቃል፣ ይቆረጣል። ዛፉ በሌለበት ምን እንደሚታይ የሚያሳይ ሁለተኛ ምስል ያስፈልግ ነበር።

አሁን «ዝቅተኛ» ወደሚለው ፍርድ እንምጣ። የተጠቀማችሁት ዩኔስኮን በቅርስ ጉዳይ የሚያማክረው ኢኮሞስ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው መመሪያ ነው። በዚያ መመሪያ ሁለት ነገሮች ለየብቻ ይመዘናሉ፦ የቅርሱ ዋጋ እና የለውጡ መጠን። የጉዳቱ ክብደት የሚወጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የዓለም ቅርስ ዋጋው «እጅግ ከፍተኛ» ስለሆነ፣ ትንሽ ለውጥ እንኳ «መካከለኛ ወይም ከባድ» ተብሎ ይመደባል። መካከለኛ ለውጥ ከሆነ «ከባድ ወይም በጣም ከባድ» ይሆናል። እናንተ ከአንደኛው የእይታ ነጥብ የሚታየውን ለውጥ ራሳችሁ «መካከለኛ» ብላችሁታል። (ይህ «አይታይም» ካላችሁት ጋር እንዴት እንደሚታረቅም አልገባኝም።) ከዚያ ምንም ከማይታይባቸው ሦስት ነጥቦች ጋር ደምራችሁ ለአራት አካፈላችሁት። አማካዩ «ዝቅተኛ» ሆነ።

ጉዳት በአማካይ አይለካም። የቤተ መንግሥቱ ዋና እይታ ከተበላሸ፣ ከጓሮ ያለው እይታ ደህና መሆኑ አያካክሰውም። በዚህ አካሄድ ምንም የማይታይባቸው አሥር ነጥቦች ቢጨመሩ የትኛውም ፎቅ ጉዳት የሌለው ይሆናል። እያንዳንዱ ጉዳት ለብቻው ተጽፎ፣ የከፋው ፊት ለፊት መቀመጥ ነበረበት። ዩኔስኮና አማካሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት አዲሱ መመሪያም ከሠንጠረዥ ነጥብ ይልቅ በጽሑፍ የተብራራ ምክንያትን ይፈልጋል። እሱን ከነጭራሹ አላነሳችሁትም።

የሥራ ዕድል መፍጠራችንንም ከጉዳቱ ላይ ቀንሳችኋል። ጥቅማችን በሌላ ምዕራፍ ይጻፍ። ሁለቱን የሚያመዛዝነው ፈቃድ ሰጪው አካል ነው። እሱ እንዲያመዛዝን ደግሞ ጉዳቱ ሳይሸራረፍ ሊቀርብለት ይገባል።

«ህንፃው ቅርሱን ስለማይነካ» የሚለው ሐረግም በሪፖርቱ ውስጥ ተደጋግሟል። የጀርመኑ የኮሎኝ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ2004 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የገባው ማንም ስለነካው አይደለም። ከወንዙ ማዶ ሊሠሩ በታቀዱ ረጃጅም ህንፃዎች ምክንያት ነው። በ2006 ከመዝገቡ የወጣው የህንፃዎቹ ዕቅድ ከተከለሰ በኋላ ነበር።

አማራጭ የሚለው ምዕራፍ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፦ «ህንፃው ባይሠራ ባለበት ይቀጥላል»። እኛ ግን ወለል ለመቀነስ ዝግጁ ነን። በራሳችሁ ቀመር ጂ+3 ቢሆንና ሮቶው ወደ ምድር ቢወርድ፣ ሊፍቱም ቢቀር፣ 14 ሲደመር የመሬቱ ከፍታ 4፣ 18 ሜትር ይመጣል። ከግድግዳው በላይ የሚወጣው 20 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ጂ+2 ቢሆን ከዚያ ነጥብ ጨርሶ አይታይም። መሬቱን ቆፍረን ዝቅ እንበል ካልን ደግሞ ከሥር ጥንታዊ ነገር ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ የአርኪዮሎጂ ፍተሻ ይጠይቃል። ባለሙያ የቀጠርነው ይህን ቁጭ ብሎ እንዲያወዳድርልን ነበር።

ስለዚህ የእይታ ስሌቱ ከመሬቱ ከፍታና ከጣሪያው በላይ ካለው ጋር እንደገና ይሠራልን። ምስሎቹ ሙሉ መረጃቸው ተጽፎ ይነሱ። ፍርዱ ያለ አማካይ ይሰጥ፣ ጂ+2 እና ጂ+3 በአማራጭነት ይገምገሙ። ይህ እስኪሆን ሪፖርቱን ለቅርስ ባለሥልጣን አናስገባም፣ ቀሪውን ክፍያም አንፈጽምም። የተስተካከለው ውጤት «ከባድ» ቢሆንም እንቀበለዋለን፤ ዲዛይኑን የምንቀይረው እኛው ነን።

ከሰላምታ ጋር
የቦታው ባለይዞታዎች ተወካይ
ጎንደር